አክሲዮኑ ወጥቶ ኮሉ ለምን ይወርዳል? ከሪፖርት ማግስት የአይቪ መውደቅ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ካምፓኒ ረቡዕ ማታ የሩብ ዓመት ሪፖርት ስለሚያወጣ፣ ጥሩ ይመጣል ብዬ ገበያው ሳይዘጋ ኮል ገዛሁ። እንዳሰብኩትም ሐሙስ ጠዋት አክሲዮኑ 4 ፐርሰንት ወጥቶ ተከፈተ። ኮሌን ሳየው ግን ከ40 ፐርሰንት በላይ ወርዷል። አቅጣጫውን አግኝቼ እንዴት ከሰርኩ? ብሮከሩ ነው የበላኝ?»

ወንድሜ፣ ብሮከሩ አልበላህም። ገንዘብህን የወሰደው የአይቪ መውደቅ ነው፤ አይቪ ማለት ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲ፣ ገበያው አክሲዮኑ ምን ያህል ይንቀሳቀሳል ብሎ ኦፕሽኑ ዋጋ ውስጥ ያስገባው ግምት ነው። ከሪፖርት በፊትና በኋላ የኦፕሽን ዋጋ ስከታተል ዓመታት ሆኖኛል፤ አንተን የገጠመህ ነገር ሪፖርት በሚወጣበት ሰሞን ሁሉ ይደጋገማል። ስትራይክህንና ኦፕሽኑ የሚያበቃበትን ቀን ስላልጻፍክ፣ ካንተ ጋር የሚቀራረብ ምሳሌ ወስጄ በቁጥር ላሳይህ።

አክሲዮኑ ረቡዕ ሲዘጋ 100 ዶላር ነበር እንበል። የገዛኸው የ105 ስትራይክ ኮል ነው፣ ማለትም አክሲዮኑን በ105 ዶላር የመግዛት መብት፤ የሚያበቃው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ስለሆነ 9 ቀን ይቀረዋል። ያኔ አይቪው 80 ነው፣ በዓመት ሲሰላ 80 ፐርሰንት ማለት ነው። በተለመደው የብላክ ሾልስ ስሌት የዚህ ኮል ዋጋ 3.02 ዶላር ይመጣል። አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ስለሚይዝ 302 ዶላር ከፈልክ ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት አክሲዮኑ 104 ላይ ተከፈተ፣ አይቪው ግን 35 ሆኖ አደረ። ሦስት ነገሮች ባንዴ ተለዋውጠዋል፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ ሌላው ሁሉ ባለበት ቆሞ አክሲዮኑ ብቻ ወደ 104 ቢሄድ ኖሮ፣ ኮሉ ከ302 ወደ 475 ዶላር ያድግ ነበር። አቅጣጫውን ማግኘትህ ያመጣልህ ይህንን ነው፤ 173 ዶላር። ከዚያ አንድ ቀን አለፈ፤ እሱ 30 ዶላር ገደማ ወስዶ 445 ላይ አደረሰው። እስከዚህ ድረስ ትርፍ ላይ ነህ። ቀጥሎ አይቪው ከ80 ወደ 35 ሲወርድ ኮሉ 170 ዶላር ሆነ። ይህ ብቻውን 275 ዶላር በላ። መጨረሻ ላይ 302 የከፈልክበት ኮል 170 ያወጣል፤ 44 ፐርሰንት ኪሳራ ነው። ብዙ ሰው «ጊዜ በላብኝ» ይላል፤ እዚህ ጋ ግን ጊዜው የወሰደው ትንሹን ድርሻ ነው።

አይቪው ለምን እንዲህ በአንድ ሌሊት ይወድቃል? አይቪ ኦፕሽኑ እስኪያበቃ ባሉት ቀናት ሁሉ አክሲዮኑ ምን ያህል ይንቀሳቀሳል ተብሎ የሚጠበቀው አማካይ ነው። በምሳሌያችን ካሉት 9 ቀናት ስምንቱ ተራ ቀናት ናቸው፤ አክሲዮኑ በእነሱ የሚንቀሳቀሰው በ35 ልክ ነው። አንዱ ቀን ግን የሪፖርቱ ቀን ነው፣ ገበያውም ለዚያ ቀን ብቻ 9 ፐርሰንት ገደማ እንቅስቃሴ ይጠብቃል። ያ አንድ ከባድ ቀን አማካዩ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩን ወደ 80 ይሰቅለዋል። ሪፖርቱ ወጥቶ ቀኑ ሲያልፍ ከአማካዩ ይወጣል፤ የቀሩት ተራዎቹ ቀናት ብቻ ስለሆኑ አይቪው ወደ 35 ይመለሳል። የሚወርደውም ቀስ እያለ አይደለም። ጥያቄው ስለተመለሰ፣ ገበያው ሲከፈት መጀመሪያ በምታየው ዋጋ ላይ ወርዶ ይጠብቅሃል።

ከዚህ የሚከተለውን በደንብ ያዝልኝ። ረቡዕ ከሰዓት ኮል ስትገዛ «አክሲዮኑ ይወጣል» ብለህ ብቻ አልተወራረድክም። የተወራረድከው «ገበያው ዋጋ ውስጥ ካስገባው በላይ ይወጣል» ብለህ ነው። በምሳሌያችን ኮሉ ሐሙስ ጠዋት የከፈልክበትን 302 ዶላር ብቻ እንዲመልስልህ አክሲዮኑ 106.50 መድረስ ነበረበት። 6.5 ፐርሰንት ወጥቶ ገና ዜሮ ላይ ነህ።

ገበያው ስንት እንደጠበቀ ለማወቅ ስሌት አያስፈልግህም። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት፣ አክሲዮኑ ያለበት ዋጋ ላይ ያለውን ስትራይክ፣ ከሪፖርቱ በኋላ በመጀመሪያ በሚያበቃው ቀን ላይ ፈልግ። የኮሉንና የፑቱን፣ ማለትም በዚያው ስትራይክ የመሸጥ መብቱን፣ ዋጋ ደምር። በምሳሌያችን የ100 ኮል 5 ዶላር፣ የ100 ፑት 5 ዶላር ነው፤ ድምሩ 10። ስለዚህ ገበያው ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች 10 ዶላር፣ ማለትም 10 ፐርሰንት ገደማ ዋጋ ውስጥ አስገብቷል። ከሪፖርቱ በኋላ ያሉት ተራ ቀናትም ድምሩ ውስጥ ስላሉ የሪፖርቱ ቀን ብቻውን ከዚያ ትንሽ ያንሳል። እኔ ይህን ቁጥር ሳላይ ሪፖርት ላይ ኦፕሽን አልገዛም። ያንተ ግምት 4 ፐርሰንት ከሆነና ገበያው 10 ከጠበቀ፣ ልክ ብትሆንም እንኳ ኮል ብቻውን መግዛት የሚያከስር ነው።

በእውነተኛ ገበያ እንየው። ኤንቪዲያ ኖቬምበር 20 ቀን 2024 ገበያው ከተዘጋ በኋላ ሪፖርት አወጣ። ገቢው 35.1 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ ሩብ ዓመት ካስገባው ሁሉ የበለጠ ነው፣ ከተጠበቀውም በልጧል። ኦፕሽኖቹ የጠበቁት ወደ 8 ፐርሰንት የሚጠጋ እንቅስቃሴ ነበር። አክሲዮኑ ረቡዕ 145.89 ላይ ዘግቶ ሐሙስ 146.67 ላይ ዘጋ። ወጥቷል፣ ግን ግማሽ ፐርሰንት ብቻ ነው። ሪፖርቱ ጥሩ ይሆናል ያለው ሰው ልክ ነበር፣ አክሲዮኑ ይወጣል ያለውም ልክ ነበር። ረቡዕ የዚያን ሳምንት ኮል ገዝቶ እስከ ሐሙስ መዝጊያ የያዘ ግን አብዛኛው ገንዘቡ ቀልጦ ነው የጠበቀው። ተቃራኒውም አለ። ሜይ 24 ቀን 2023 የዚሁ ካምፓኒ ሪፖርት ሲወጣ አክሲዮኑ በማግስቱ 24 ፐርሰንት ገደማ ዘለለ፤ ከተጠበቀው በብዙ አልፎ ስለሄደ የአይቪው መውደቅ ኮል የያዙትን አልጎዳቸውም። ይህን የምነግርህ «አይቪ ከወደቀ ሁልጊዜ ሻጩ ያተርፋል» የሚሉ ስላሉ ነው። በዚያን ቀን ኮል ያለ መከላከያ ሸጦ ያደረ ሰው የደረሰበትን አስበው።

አቅጣጫው ላይ እርግጠኛ ነኝ ካልክ፣ እኔ በአንተ ቦታ የምመርጠው ስፕሬድ ነው። በዚያው ምሳሌ የ100 ስትራይክ ኮል በ501 ዶላር ትገዛለህ፣ በዚያው ቅጽበት የ105ቱን ኮል በ302 ትሸጣለህ። ከኪስህ የወጣው 199 ዶላር ነው። ሐሙስ ጠዋት አክሲዮኑ 104 ላይ አይቪው ደግሞ 35 ላይ ሲሆን፣ የገዛኸው ኮል 469 ያወጣል፤ እሱም ወርዷል፣ ተመልከት። የሸጥከው ግን ከ302 ወደ 170 ወርዷል፣ ያ ውድቀት ደግሞ ያንተ ጥቅም ነው። ልዩነቱ 299 ዶላር። 199 አስገብተህ 299፤ 50 ፐርሰንት ትርፍ። ያው አክሲዮን፣ ያው 4 ፐርሰንት፣ ያው የአይቪ ውድቀት ነው፤ አንዱ 44 ፐርሰንት ሲያከስር ሌላው 50 አተረፈ። የሪፖርቱን ውድ ዋጋ በአንድ እጅህ ከፍለህ በሌላው እጅህ ስለተቀበልክ ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። አክሲዮኑ 20 ፐርሰንት ቢዘል ስፕሬዱ ከ500 ዶላር በላይ ሊያወጣ አይችልም፣ የ105 ኮል ብቻ የያዘው ግን ከ1500 በላይ ይኖረው ነበር። አክሲዮኑ ቢወርድ ደግሞ ስፕሬዱም 199ህን ይዞ ይሄዳል። አይቪን ነው እንጂ የተሳሳተ አቅጣጫን አይከላከልልህም። የሁለቱም ኦፕሽን ቢድና አስክ፣ ማለትም ገዢ የሚሰጠውና ሻጭ የሚጠይቀው ዋጋ፣ የተራራቀ ከሆነ መግቢያና መውጫው ላይ የምታጣው ይጨምራል፤ ስለዚህ ብዙ በሚገበያዩባቸው አክሲዮኖች ላይ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

«ረጅም ጊዜ ያለው ኮል ብገዛስ?» የሚል አይጠፋም። ይረዳል። ሦስት ወር የቀረው ኦፕሽን ላይ ያ አንድ ከባድ ቀን ከዘጠና ቀናት ጋር ስለሚደባለቅ አይቪው 80 ሳይሆን 42 አካባቢ ነው የሚሆነው፣ ሲወድቅም ከ42 ወደ 35 ነው። ነገር ግን ኮሉ ራሱ ውድ ስለሆነ ብዙ ገንዘብ ታስራለህ፣ የምታጣውም በዶላር ሲታይ ቀላል አይደለም።

ሌላው ልታውቀው የሚገባ፣ የካምፓኒ አክሲዮን ኦፕሽን አሜሪካ ውስጥ በኒውዮርክ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 4:00 ላይ ይዘጋል። ሪፖርቱ ከዚያ በኋላ ሲወጣ አክሲዮኑ እስከ ማታ ይገበያያል፣ ምናልባትም 9 ፐርሰንት ወጥቶ ታየዋለህ፣ ኮልህን ግን መሸጥ አትችልም። እስከ ጠዋቱ 9:30 ወደ 4 ሊመለስ ይችላል። ሲከፈት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ቢድና አስኩ በጣም ይራራቃሉ። ቢዱ 1.40 አስኩ 2.00 ሆኖ ሳለ ማርኬት ኦርደር ከላክህ በ1.40 ይሸጥብሃል፤ ሊሚት ኦርደር አስገባና ዋጋው እስኪረጋጋ ጠብቅ።

አሁን በእጅህ ያለውን ኮል በተመለከተ፣ አይቪው የሚወርደውን ወርዷል። «ይመለሳል» ብለህ አይቪን አትጠብቅ፤ ያ ሪፖርት አልፏል፣ ሌላው ደግሞ፣ ኮልህ እንደ ምሳሌያችን አጭር ከሆነ፣ ካበቃ በኋላ ነው የሚመጣው። ከእንግዲህ የሚያወጣህ አክሲዮኑ ብቻ ነው። በምሳሌያችን 104 ላይ ቆሞ ከቀረ ኮሉ ነገ ከ170 ወደ 156 ይወርዳል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የሚቀነሰው እየበዛ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ቀን ይዘኸው 302ህን እንዲመልስልህ አክሲዮኑ 108.02 መድረስ አለበት። ኮሉ ባይኖርህ ኖሮ ዛሬ በ170 ዶላር ትገዛው ነበር? መልስህ አዎ ከሆነ ያዘው፣ ካልሆነ ሽጠው። ስትራይክህን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ረቡዕ የነበረውን አይቪ ጻፍልኝና በራስህ ቁጥር እናየዋለን።