ሠንጠረዡን አንዴ ሞልቶ ማቆም፦ የ6 ብዜት ማሽን ከ6 ስቴት ወደ 4

«ጓዶች ኦቶማታ ፈተና ደርሶብኛል። ዲኤፍኤ ሚኒማይዝ ሳደርግ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ሞላሁ፣ ባዶ የቀሩትን ጥንዶች ላዋህድ ስል ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሠንጠረዡ የሚሞላው አንዴ ነው ወይስ ደጋግሞ? ጥንዱ ተመልሶ ወደ ራሱ ሲሄድስ ምን ይደረጋል?»

ወንድሜ፣ ደጋግሞ ነው። ግጭቱም የመጣው ከዚያ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ሚድ ፈተና ላይ እኔም አንዴ ሞልቼ አቁሜ ግማሽ ነጥብ አጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከኋላችን የመጡ ልጆችን ሳስጠና በብዛት የማየው ስህተት ይሄው ነው። ሁልጊዜ የማስረዳበትን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ልሥራልህ፤ እስክሪብቶና ወረቀት ይዘህ አብረኸኝ ሙላ።

ማሽናችን በባይናሪ የተጻፈ ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ቁጥሩ ለ6 ያለ ቀሪ ይካፈል እንደሆነ ይናገራል። ማስታወስ ያለበት እስካሁን ያነበበው ቁጥር ለ6 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ነው። ስለዚህ 6 ስቴት አሉት፤ ከ0 እስከ 5 ላለው ቀሪ አንድ አንድ። ከኢንፑቱ 0 እና 1 ጋር እንዳይምታታብህ ስቴቶቹን ቀ0፣ ቀ1 እያልኩ እጠራቸዋለሁ። አዲስ ዲጂት ሲመጣ የድሮው ቁጥር በ2 ይባዛና ዲጂቱ ይደመርበታል። ለምሳሌ ቀ4 ላይ ሆነህ 1 ብታነብ 2 × 4 + 1 = 9 ነው፣ 9 ለ6 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ስለዚህ ወደ ቀ3 ትሄዳለህ። ስታርት ስቴቱም ፋይናል ስቴቱም ቀ0 ነው።

```
        0     1
ቀ0     ቀ0    ቀ1
ቀ1     ቀ2    ቀ3
ቀ2     ቀ4    ቀ5
ቀ3     ቀ0    ቀ1
ቀ4     ቀ2    ቀ3
ቀ5     ቀ4    ቀ5
```

መጀመሪያ ይህን ሠንጠረዥ ትክ ብለህ እየው። የቀ0 እና የቀ3 ረድፍ አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ረድፋቸው ስለተመሳሰለ አንድ ናቸው» ብሎ ያዋህዳቸዋል። አንድ አይደሉም። ቀ0 ፋይናል ነው፣ ቀ3 አይደለም። ቀ3 ላይ ማሽኑን ብታቆመው ቁጥሩ 3 ወይም 9 ወይም 15 ነበር ማለት ነው፣ አንዳቸውም ለ6 አይካፈሉም።

አሁን ወደ ሥራው። የምንሞላው ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ የስቴት ጥንድ አንድ ሳጥን አለው፤ 6 ስቴት ካለህ ጥንዶቹ 6 × 5 ÷ 2 = 15 ናቸው። ምልክት የምናደርገው «እነዚህን ሁለቱን የሚለይ ስትሪንግ አለ» ብለን እርግጠኛ ስንሆን ብቻ ነው፤ ማለትም ከአንደኛው ተነስቶ ሲነበብ ፋይናል ላይ የሚያደርስ፣ ከሌላኛው ሲነበብ የማያደርስ። ባዶ ሳጥን ማለት ደግሞ «እኩል ናቸው» ማለት ሳይሆን «እስካሁን ማስረጃ አላገኘሁም» ማለት ነው። ይህ ልዩነት ከገባህ ጥያቄህ ከግማሽ በላይ ተመልሷል።

መነሻው ቀላል ነው። አንዱ ፋይናል ሌላው ያልሆነበትን ጥንድ ሁሉ ምልክት ታደርጋለህ። እዚህ ፋይናሉ ቀ0 ብቻ ስለሆነ ቀ0 ያለባቸው 5 ጥንዶች ይሞላሉ፤ ምንም ሳታነብ፣ በባዶ ስትሪንግ ብቻ ተለያይተዋል። 10 ጥንዶች ይቀራሉ።

ከዚያ አንደኛው ዙር። እያንዳንዱን ባዶ ጥንድ ይዘህ በ0 የት የት እንደሚሄዱ ታያለህ፣ በ1ም እንዲሁ። የሚደርሱበት ጥንድ ምልክት ካለው ይሄኛውም ምልክት ይደረግበታል። በተራ ልሂድ። ቀ1 እና ቀ2፦ በ0 ወደ ቀ2 እና ቀ4፣ በ1 ወደ ቀ3 እና ቀ5። ሁለቱም ጥንዶች ገና ባዶ ናቸው፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ። ቀ1 እና ቀ3፦ በ0 ወደ ቀ2 እና ቀ0። ይሄ ምልክት አለው፣ ስለዚህ ምልክት። ቀ1 እና ቀ4፦ በ0 ሁለቱም ቀ2፣ በ1 ሁለቱም ቀ3። አንድ ቦታ ስለሚገናኙ ወደፊትም የሚለያቸው አይኖርም። ቀ1 እና ቀ5፦ በ0 ቀ2 እና ቀ4፣ በ1 ቀ3 እና ቀ5፣ አሁንም ሁለቱም ባዶ። ቀ2 እና ቀ3፦ በ0 ቀ4 እና ቀ0፣ ምልክት።

ቀ2 እና ቀ4 ላይ ስትደርስ ያ የጠየቅከው ነገር ይመጣል። በ0 ወደ ቀ4 እና ቀ2 ይሄዳሉ፤ ያው ራሱ ጥንዱ ተገልብጦ ነው። ወደ ራሱ የተመለሰ ጥንድ ለመለያየትም ሆነ ለማዋሃድ ማስረጃ አይሆንም። ተወውና ሌላውን ኢንፑት እይ። በ1 ወደ ቀ5 እና ቀ3 ይሄዳሉ፣ እሱ ገና አልተሞላም፣ ስለዚህ ለአሁኑ ባዶ። ቀ2 እና ቀ5 በሁለቱም ኢንፑት አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ ባዶ። ቀ3 እና ቀ4፣ ቀ3 እና ቀ5፦ ሁለቱም በ0 ቀ0 ያለበት ጥንድ ላይ ይደርሳሉ፣ ምልክት። በመጨረሻ ቀ4 እና ቀ5፦ በ1 ወደ ቀ3 እና ቀ5፣ እሱን አሁን ሞላነው፣ ስለዚህ ምልክት።

እዚህ ጋ ካቆምክ ያንተ ግጭት ይፈጠራል። ባዶ የቀሩት ቀ1-ቀ2፣ ቀ1-ቀ4፣ ቀ1-ቀ5፣ ቀ2-ቀ4 እና ቀ2-ቀ5 ናቸው። ቀ4 ከቀ1 ጋር እኩል ከሆነ፣ ቀ1 ደግሞ ከቀ5 ጋር እኩል ከሆነ፣ ቀ4 እና ቀ5ም እኩል መሆን ነበረባቸው። እነሱ ግን ምልክት አላቸው። ይህን ባየህ ቁጥር ሥራው አላለቀም ወይም አንድ ቦታ ተሳስተሃል ማለት ነው። ፈተና ላይ 1 ደቂቃ የማይፈጅ ማረጋገጫ ስለሆነ ሳላየው ወረቀት አላስረክብም ነበር። ብቻ ግጭት አለመኖሩ ለብቻው ጨርሰሃል ማለት አይደለም፤ የጨረስከው ሙሉ ዙር ሄደህ አንድም አዲስ ምልክት ሳታገኝ ስትቀር ነው።

ሁለተኛው ዙር። ቀ1 እና ቀ2 በ1 ወደ ቀ3 እና ቀ5 ይሄዳሉ፣ እሱ አሁን ምልክት አለው፣ ስለዚህ ይሞላል። ቀ1 እና ቀ5 በዚያው ምክንያት። ቀ2 እና ቀ4 በ1 ወደ ቀ5 እና ቀ3፣ ይሞላል። ሦስተኛውን ዙር ስትሄድ ምንም አዲስ የለም። ቁም። ቁጥሩ ጥንዱ በስንተኛው ዙር እንደተሞላ ያሳያል፣ 0 የመነሻው ነው፦

```
       ቀ0   ቀ1   ቀ2   ቀ3   ቀ4
ቀ1     0
ቀ2     0    2
ቀ3     0    1    1
ቀ4     0    –    2    1
ቀ5     0    2    –    1    1
```

13 ተሞልተው 2 ቀሩ፦ ቀ1-ቀ4 እና ቀ2-ቀ5። እነዚህን ስናዋህድ 4 ስቴት ይኖረናል። ሀ ማለት ቀ0፣ ለ ማለት ቀ1 እና ቀ4፣ ሐ ማለት ቀ2 እና ቀ5፣ መ ማለት ቀ3። ስታርቱም ፋይናሉም ሀ ነው።

```
       0    1
ሀ     ሀ    ለ
ለ     ሐ    መ
ሐ     ለ    ሐ
መ     ሀ    ለ
```

በቁጥር እንፈትሸው። 12 በባይናሪ 1100 ነው፦ ከሀ ተነስተን ለ፣ መ፣ ሀ፣ ሀ። ተቀበለ። 10 ደግሞ 1010 ነው፦ ለ፣ ሐ፣ ሐ፣ ለ። አልተቀበለም። ትክክል ነው።

ምልክት ያደረግክበትን ጥንድ ከተጠራጠርክ የሚለየውን ስትሪንግ ፈልገህ አውጣ። ቀ1 እና ቀ2ን የሚለየው 10 ነው። ቀ1 ላይ የሚያደርሰውን 1 ውሰድና ከኋላው 10 ጨምር፣ 110 ይሆናል፣ 6 ነው፣ ይካፈላል። ቀ2 ላይ የሚያደርሰውን 10 ውሰድና 10 ጨምርበት፣ 1010 ይሆናል፣ 10 ነው፣ አይካፈልም። አለቀ፣ ማንም አይከራከርህም። በየዙሩ ያለፈውን ዙር ምልክት ብቻ እያየህ ብትሞላ ኖሮ የዙሩ ቁጥር ከአጭሩ ለዪ ስትሪንግ ርዝመት ጋር እኩል ይሆን ነበር። እኔ የሞላሁትን ወዲያው ስለተጠቀምኩ ቀ4-ቀ5 ቀድሞ ተሞላ። መጨረሻው ያው ነው።

ቀ1 እና ቀ4 ለምን ተዋሃዱ የሚለውን ሳስብ ደስ ይለኛል። 6 ማለት 2 ጊዜ 3 ነው። 1ም 4ም ለ3 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል። የሚለያዩት አንዱ ጎዶሎ ሌላው ሙሉ በመሆኑ ነው፣ ያንን ደግሞ የሚቀጥለው ዲጂት ይሽረዋል። ሁለቱም አሁን ተቀባይነት ስለሌላቸው ጎዶሎና ሙሉ መሆናቸውን ማስታወስ ለማሽኑ ምንም አይጠቅመውም። 0 እና 3 ግን ሁለቱም ለ3 ስለሚካፈሉ ጎዶሎነቱ አሁኑኑ ለውጥ ያመጣል።

ጥንዱ ወደ ራሱ ሲሄድ ምን ይደረጋል ወዳልከው ጥያቄ ልመለስ፣ ምክንያቱም በዚህ ምሳሌ የተዋሃዱት ረድፋቸው አንድ ዓይነት ነበር፣ ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይሆንም። ሁለት ፋይናል ስቴቶች አሉ እንበል፤ በ0 አንዱ ወደ ሌላው፣ ሌላውም ወደ አንዱ ይሄዳል፣ በ1 ደግሞ ሁለቱም ወደ አንድ ሦስተኛ ስቴት። ረድፋቸው ይለያያል። ግን ጥንዱ በ0 ራሱ ላይ ይመለሳል፣ በ1 ይገናኛል፣ ስለዚህ መቼም አይሞላም፣ ይዋሃዳሉ። ለምን ትክክል ሆነ? የሚለያቸው ስትሪንግ ቢኖር ከሁሉም አጭሩን ውሰድ። ሁለቱም ፋይናል ስለሆኑ ባዶ ሊሆን አይችልም። በ1ም ሊጀምር አይችልም። በ0 ቢጀምር ያንን 0 ስትቆርጠው የቀረው ያንኑ ጥንድ ይለያል፣ ከአጭሩም ያጠረ ይሆናል። አይሆንም።

ሠንጠረዡን ከመሥራትህ በፊት ግን ከስታርት የማይደረስባቸውን ስቴቶች ጣል። እኛ ማሽን ላይ ማንም የማይገባበት ቀ6 ተጨምሮ በ0ም በ1ም ወደ ቀ0 ቢሄድ፣ ከሁሉም ጋር ተለያይቶ አምስተኛ ስቴት ሆኖ ይቀር ነበር። ዘዴው ራሱ አያወጣልህም። የጎደለ ትራንዚሽን ካለም መጀመሪያ መውጫ የሌለው ስቴት ጨምረህ ሙላው፣ አለዚያ ጥንዱ የት እንደሚደርስ የምታየው ነገር አይኖርህም።

በእጅ እስከ 7 ወይም 8 ስቴት ድረስ ይሄ ዘዴ ይመቻል፤ 8 ስቴት 28 ጥንድ ነው። 1000 ስቴት ግን 499,500 ጥንድ ስለሆነ በፕሮግራም የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ሆፕክሮፍት በ1971 ያወጣውን ስቴቶችን በቡድን እየከፈለ የሚሄድ ዘዴ ይጠቀማሉ። ፈተናህ ላይ እሱ አያስፈልግህም። ያንተን ዲኤፍኤ እዚህ ለጥፈውና ሁለተኛውን ዙር ከሞላህ በኋላ የትኞቹ ባዶ እንደቀሩ ንገረኝ፣ አብረን እናየዋለን።