ፍቺውን የሚሰጡት ረቢዎች ብቻ የሆኑት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በእስራኤል የምኖር ቤተ እስራኤላዊት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለመፋታት ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ስሄድ ፍቺ የሚሰጠው የረቢዎች ፍርድ ቤት ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። የሥራ ባልደረባዬ «ይህ እኮ የቱርኮች ሕግ ነው» አለችኝ። ቱርክ የሙስሊም መንግሥት ሆኖ ሳለ አይሁድ በራሳቸው ዳኛ እንዲዳኙ ለምን ፈቀደ? ያን ጊዜስ የራሷን ሃይማኖት ዳኛ ያልፈለገች ሴት ምን ታደርግ ነበር?

መልስ፦ ባልደረባዎ የነገረችዎት ግማሹ እውነት ነው። ሥርዓቱን የተከለው የኦቶማን መንግሥት ነው፤ ሌላውን በር የዘጋው ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው ነው። ሁለተኛው ጥያቄዎ እዚህ ልዩነት ላይ ስለሚያርፍ ረዘም አድርጌ እመልስልዎታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦቶማኖች የሚዳኙት በሸሪዓ ሕግና በሱልጣኑ ድንጋጌዎች ነበር። በሸሪዓው መሠረት አይሁድና ክርስቲያኖች «ዚሚ» ይባላሉ፤ ጂዝያ የሚባለውን ግብር ይከፍላሉ፣ በምላሹ ነፍሳቸው፣ ንብረታቸውና እምነታቸው ይጠበቃል። እምነታቸው ከተጠበቀ ደግሞ ጋብቻቸው አብሮ መጠበቅ አለበት፤ የክርስቲያን ጋብቻ የሚፈጸመው በካህን፣ የአይሁድ ፍቺ የሚጸናው ባል ለሚስቱ በሚሰጠው «ጌት» በሚባል የፍቺ ጽሑፍ ነውና። የሸሪዓው ዳኛ ቃዲ እነዚህን ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ዳግማዊ መሕመድ በ1453 ቁስጥንጥንያን ከያዘ በኋላ በማግስቱ ዓመት ጥር ወር ላይ ጌናዲዮስን የኦርቶዶክሶች ፓትርያርክ አድርጎ ሾመ።

የሹመቱ ደብዳቤ «በራት» ይባላል። ከጌናዲዮስ በኋላ የተሾሙ ፓትርያርኮች በተቀበሏቸው በራቶች ላይ እንደሚታየው፣ ተሿሚው ጳጳሳትን ይሾማል፣ ይሽራል፤ የምእመናኑን ጋብቻና ፍቺ ያያል፤ የአካባቢው ሹማምንት በዚህ ጣልቃ እንዳይገቡ ይታዘዛሉ። ፓትርያርኩ በበኩሉ ለግምጃ ቤቱ «ፔሽኬሽ» የሚባል ገንዘብ ይከፍላል፤ ሱልጣን ሲለወጥ በራቱም ይታደሳል። እንደ ጠበቃ ስመለከተው ይህ ነጥብ ዋና ነው፤ ሥልጣኑ ለተሿሚው በፈቃድ የተሰጠ እንጂ ለሕዝቡ በሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መብት አልነበረም። ዛሬ «ሚሌት» የምንለው ስም እንኳን ለእነዚህ ማኅበረሰቦች መደበኛ መጠሪያ የሆነው ዘግይቶ ነው፤ በቀድሞዎቹ መዝገቦች ላይ የሚበዛው «ጣይፋ» ወይም «ጀማዓ» የሚለው ቃል ነው።

የራሱ አለቃ ያልነበረው ማኅበረሰብ ከሌላው ጋር ይለጠፍ ነበር። በኢየሩሳሌም የነበሩት የኛ መነኮሳት በኦቶማን አስተዳደር በአርመን ፓትርያርክ ሥር የተቆጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አይሁድም ለረጅም ጊዜ በበራት የተሾመ አንድ አለቃ አልነበራቸውም። «ሃሃም ባሺ» የሚባለው የረቢዎች አለቃ በሱልጣኑ የተሾመው በ1835 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጉባኤ የራሱን ረቢ ይዞ ይዳኝ ነበር። በሰሎኒካ፣ ከስፔን የተሰደዱት እንኳን እንደ መጡበት አገር አራጎን፣ ካታላን እየተባሉ በተለያየ ምኩራብ ይሰበሰቡ ነበር።

የእነዚህ ዳኞች ሥልጣን ወሰን ነበረው። የነፍስ ግድያ፣ ሌብነት፣ እንዲሁም አንዱ ወገን ሙስሊም የሆነበት ክርክር ሁሉ ለቃዲው ነው። በዚያ ችሎት ደግሞ የአይሁድ ወይም የክርስቲያን ምስክርነት በሙስሊም ላይ አይቀበሉም ነበር። ገንዘቡን ላበደረ አይሁዳዊ ነጋዴ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ሙስሊም ምስክር ካላቆመ ወይም ውሉን አስቀድሞ በቃዲው መዝገብ ካላስጻፈ ተበዳሪው በካደ ጊዜ እጁ ባዶ ይቀራል።

አሁን ወደ ሴቲቱ ልምጣ። የቃዲው ችሎት ለሁሉም ክፍት ነበር፤ በካይሴሪም ሆነ በኢየሩሳሌም የተረፉት መዝገቦች በራሳቸው ፈቃድ የመጡ ክርስቲያኖችንና አይሁድን ያሳያሉ። ለምን እንደሚመጡ ለማየት አንድ ሟች አይሁዳዊ እናስብ። ዕዳው ተከፍሎ 2400 አክቼ የሚባል የብር ገንዘብ ቀርቷል፤ ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሉት። በረቢው ፊት ውርሱ የወንዱ ልጅ ነው። ሴቲቱ ልጅ ቀለብና ስትዳር የሚሰጣት ንብረት እንጂ የውርስ ድርሻ የላትም፤ ሚስቲቱም «ኬቱባ» በሚባለው የጋብቻ ውሏ የተጻፈላትን ትወስዳለች እንጂ አትወርስም። ቃዲው በሸሪዓ ሲያካፍል ግን ለሚስቲቱ ስምንተኛውን፣ ማለትም 300 አክቼ ይሰጣል። የቀረው 2100 ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ ሆኖ ሲከፈል ለእርሱ 1400፣ ለእርሷ 700 ይደርሳል። ያቺ ልጅ የቃዲውን ደጅ ብትጠና ማን ይፈርድባታል?

ረቢዎቹ ግን ይፈርዱባት ነበር። ዋናው መሣሪያቸው «ኼሬም» የሚሉት ግዝት ነው። የተገዘተ ሰው በምኩራብ ለጸሎት ከሚያስፈልጉት ዐሥር ወንዶች አይቆጠርም፤ የሚገበያየው ያጣል፤ ሲሞትም የሚቀብረው ያጣል። በአንድ ሰፈር ተወልዶ ለሚያረጅ ሰው ይህ ከእስር ይከብዳል። ስለዚህ በሩ በሕግ ክፍት ቢሆንም ዋጋ የሚያስከፍል በር ነበር።

ለፍቺ ደግሞ ይበልጥ ይጠብባል። የቃዲው ውሳኔ ጌት አይሆንም፤ ያለ ጌት ሌላ ባል ያገባች አይሁዳዊት የምትወልደው ልጅ በሕጋቸው «ማምዜር» ተብሎ ከሌላው አይሁድ ጋር እንዳይጋባ ይከለከላል። ውርስ ላይ የረዳት ቃዲ እዚህ ላይ ሊረዳት አይችልም። የሚቀራት መንገድ ራሷ መስለም ነበር፤ ባልየው እንዲሰልም ተጠይቆ እንቢ ካለ ቃዲው ይለያያቸዋል። ያን መንገድ የመረጠች ሴት ከወገኖቿ ጋር ትቆራረጣለች።

ከ1856ቱ የማሻሻያ አዋጅ በኋላ ማኅበረሰቦቹ የተጻፈ ደንብ እንዲያወጡ ታዘዙ። የግሪኮች በ1862፣ የአርመኖች በ1863፣ የአይሁድ በ1865 ጸደቀ። በ1917 መንግሥቱ ለሙስሊሙም፣ ለክርስቲያኑም፣ ለአይሁዱም የየራሱን ድንጋጌ የያዘ አንድ የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ዳኝነቱን ወደ መንግሥት ችሎት ለመሰብሰብ ሞከረ፤ ነገር ግን በ1919 ኢስታንቡል ላይ ተሻረ። እንግሊዞች ፍልስጤምን ሲያስተዳድሩ በ1922ቱ ድንጋጌያቸው የማኅበረሰቡን አባላት ጋብቻና ፍቺ ለረቢዎች ፍርድ ቤት ብቻ ሰጡ። የእስራኤል ፓርላማ በ1953 ባወጣው ሕግ ይህን በአገሩ ለሚኖር አይሁዳዊ ዜጋም ሆነ ነዋሪ ሁሉ አሰፋው። የኦቶማን ሴት አማራጭ የነበረው የቃዲ ችሎት ለአይሁድ ሲዘጋ በምትኩ የሲቪል ጋብቻና ፍቺ በር አልተከፈተም። የባልደረባዎን አባባል ግማሽ እውነት ያልሁት ለዚህ ነው።

የእርስዎን ጉዳይ በተመለከተ፣ ለረቢዎቹ ብቻ የተተወው ፍቺው ራሱ ነው። የንብረት ክፍፍል፣ ቀለብና የልጆች አስተዳደግ በቤተሰብ ፍርድ ቤትም ሊታዩ ይችላሉ። ከክሱ በፊት ግን የግጭት መፍቻ ማመልከቻ መግባት አለበት፤ ቀድሞ ያስገባው ወገን ጉዳዩ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚታይ ለመምረጥ ቅድሚያ ያገኛል። ንብረቱ ወደ ረቢዎቹ ቢሄድ እንኳን ከ1994ቱ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ በሲቪል ሕግ መሠረት ማካፈል ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ ጠበቃዎ ዛሬውኑ የሚያጣራው ባለቤትዎ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አስገብተው እንደሆነ፣ ካስገቡም በየትኛው ፍርድ ቤትና በምን ቀን እንደሆነ ነው።