ሳልባጅ ስትገዢ ክሩን እርጥብ አድርገሽ ጎትቺው

«ሐሙስ ገበያ ከሳልባጅ የገዛሁት ቀሚስ በሁለተኛው እጥበት ትከሻው ላይ ተተረተረብኝ። ሲታይ ግን አዲስ ነበር የሚመስለው። እናንተ ስትገዙ ምኑን ነው የምታዩት?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ። ቀሚሱ ለስላሳ፣ ስትነኪው ቀዝቀዝ የሚል፣ ስታነሺው ከእጅሽ ላይ እንደ ውሃ የሚወርድ ነበር? ስታጥቢውስ ጠምዝዘሽ ነው የጨመቅሽው? ሁለቱም አዎ ከሆነ ጨርቁ ቪስኮስ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ሬዮንም ይሉታል። እኔም በዚሁ ተበልቻለሁ።

ለእህቴ ምርቃት ብዬ እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ በ350 ብር ገዛሁ። ምልክቱ፣ አንገት ላይ ያለችው የጨርቅ ጽሑፍ ማለቴ ነው፣ ተቆርጧል። ቀለሙ አልለቀቀም፣ ስፌቱ አንድም ቦታ አልተፈታም፣ ነጋዴዋም «ይሄ እኮ አልተለበሰም» አለችኝ። ለምርቃቱ ለበስኩት። ሳጥበው ግን እንደለመድኩት አሽቼ፣ ጠምዝዤ ስጨምቅ ጀርባው እንደ ወረቀት ቷ አለ። ይዤ ሰፈራችን ያለች ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ክር መዘዘችና በምራቋ አርሳ ጎተተችው፣ ብጥስ። «ይሄ ውሃ የሚፈራ ነው፣ ስፌት አይይዝልሽም» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪስኮስ ከእንጨት የሚወጣ ነገር በኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ክር የተደረገ ነው። ደረቅ ሆኖ ደህና ጉልበት አለው። ሲርስ ግን የጉልበቱን ግማሽ ያህል ያጣል። ጥጥ ተቃራኒው ነው፣ ሲርስ እንዲያውም ይጠነክራል። ስለዚህ እኛ ጥጥ እያሸን የለመድነው አስተጣጠብ፣ ማሸቱም መጠምዘዙም ውሃ እንደተሸከመ በትከሻው ማንጠልጠሉም፣ ቪስኮስን በጣም በደከመበት ሰዓት ነው የሚያገኘው። እሱ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ስንት ዓመት አጥቦታል። አዲስ መምሰሉ ምንም አይነግርሽም፣ ቪስኮስ እየደከመም መልኩ ያምራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን ፈልጊ። አንገት ላይ ከሌለ በግራ ጎን ስፌት ውስጥ እይ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ሁለተኛ አለ። በብዙ ቋንቋ ተጽፎ ግራ ቢገባሽም ቁጥሩን ያዢ፣ የሚበዛው ቀድሞ ነው የሚጻፈው። ምልክቱ ተቆርጦ ከሆነ ግን ነጋዴው ደበቀ ማለት አይደለም፣ ስለሚያሳክክ ብዙ ሰው ራሱ ይቆርጠዋል። ያኔ ከውስጥ፣ ከታችኛው እጥፋት ጠርዝ፣ አንዲት የተንጠለጠለች ክር ምዘዢ። የስፌቱን ክር ሳይሆን የጨርቁን። መሃሏን በጣትሽ አርሺና ከሁለት ጫፍ ጎትቺ። እርጥቡ ቦታ ላይ በቀላሉ ከተበጠሰች ቪስኮስ ናት። ጥጥ ከሆነች እርጥቡ ቦታ ይይዛል፣ ከተበጠሰችም በደረቁ በኩል ነው።

«ክብሪት ለኩሰሽ እይ» የሚሉሽ አሉ። ውሸት አይደለም ግን እዚህ ላይ አይረዳሽም። ጥጥም ቪስኮስም ሲቃጠሉ የተቃጠለ ወረቀት ነው የሚሸቱት፣ አመዳቸውም ይፈርሳል። እሳት የሚለይልሽ ፖሊስተርን ነው፤ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ደረቅ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሱፍ ደግሞ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። በነገራችን ላይ ይህን ቦንዳ በተዘረገፈበት ቦታ እንዳትሞክሪ፣ ክሯን ይዘሽ ራቅ በይ።

ቪስኮስ አትግዢ እያልኩ አይደለም። ለጅማ ወበቅ ከሱ የሚመች የለም። ግን ሳትጠመዝዢ በፎጣ ጠቅልለሽ ጫን ጫን አድርጊው፣ ገመዱ ላይም ወገቡን አጥፈሽ ጣይው። ዋጋውንም እንደ ጥጥ አትክፈዪ።

ጥጥ መሆኑን ካወቅሽ ቀጣዩ ጥያቄ ምን ያህል ዕድሜ ቀርቶታል ነው። ባለፈው ለወንድሜ የገዛሁትን ሰማያዊ ሸሚዝ ልንገርሽ። ምልክቱ 60 ጥጥ 40 ፖሊስተር ይላል። ከፊት ሲታይ ሰላም ነው። ወደ ፀሐዩ አወጣሁትና ክርኑን ዘርግቼ በብርሃን አየሁት፣ ከዚያ ደረቱን። ክርኑ ከደረቱ ይልቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ክሩ ተፈትጎ ሳስቷል፣ በወር ሁለት ወር ይቀደዳል። የዚህ እኩል ነበር። ብብቱን ነካሁ፣ ላብ ያቆየው ቢጫና ደረቅ ያለ ነገር የለም። እሱ ካለ እንኳን ሳሙና በረኪናም አያስለቅቀውም፣ እንዲያውም በረኪና ቢጫውን ያብስበታል። ኮሌታው ግን እጥፋቱ ላይ ጭራ አውጥቷል። ኮሌታውን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከላዩ ጋር አስተያየሁ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። እንግዲህ የሸሚዙ ገላ ጤነኛ፣ ኮሌታው ብቻ ያለቀ ነው ማለት ነው። ያንን አሳይቼ 300 ያለኝን በ180 ወሰድኩ፣ ልብስ ሰፊዋም ኮሌታውን ገለበጠችው። አሁን ማንም አያውቅም። ክርኑ ሳስቶ ኮሌታው ግን አዲስ ቢሆን ኖሮ በ50 ብርም አልነካውም ነበር፣ ክርን የሚገለበጥ ነገር የለውም።

አሸማመኑን በአውራ ጣት እይ። በጎን ስፌቱ ግራና ቀኝ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ለቀቅ ሳብ አድርጊ። ድርና ማጉ ተንሸራቶ ስፌቱ አጠገብ መሰላል የመሰለ ክፍተት ከተከፈተ ጨርቁ ልል ነው፣ ጠበብ ካለሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። እዚህ ላይ ሳልባጅ ከአዲስ ርካሽ ልብስ የሚሻልበት ነገር አለ። አዲሱ ልብስ ፋብሪካው የቀባው ማጠንከሪያ ስላለበት ልሉም ጠጣር ይመስላል። ሳልባጅ ያ ሁሉ ታጥቦለት ነው የሚመጣው፣ የምትነኪው እውነተኛው ጨርቅ ነው። መጠበብ ያለበትም ጠቦ ጨርሷል።

ሹራብ ላይ ስለሚያወጣው ፍሬ ፍሬ ብዙ አትጨነቂ። ጥጡ ያወጣው ራሱ ይረግፋል። ፖሊስተር ሲቀላቀልበት ነው ሙጭጭ የሚለው፣ ያስጠላል እንጂ ልብሱን አይቀድም።

በክረምት የሚገዛ ሰው ግን አፍንጫውን ይጠቀም። የቦንዳ ሽታ ታጥቦ ይሄዳል፣ የሻጋታው ሌላ ነው። እኛ ጋ ዝናቡ ስለሚረዝም እርጥብ መጋዘን የከረመ ቦንዳ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ያለበት ጥጥ ይገኛል። ነጥቡ አይለቅም፣ የነካውንም ክር በልቶታል። ነጥቡ ላይ በሁለት አውራ ጣት ጫን ብለሽ ሳቢ፣ ጭር የሚል ድምፅ ከሰማሽ መልሺው።

የተቀደደውን ቀሚስ ካልጣልሽው አንዲት ክር ምዘዢበትና እርጥብ አድርገሽ ሞክሪው። ጥጥ ሆኖ ከተገኘ ተወራርጄ ተሸነፍኩ፣ ፎቶውን ለጥፊልንና ትከሻው ምን እንደነካው እንይ።