ከመግባት በፊት የሚነሣው ስክሪንሾት፦ ስለ ትሬዲንግ ጆርናል ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሦስት ወር ውስጥ የ60 ደብል ቦተም ስክሪንሾት ሰብስቤያለሁ፤ አብዛኞቹ ወደ ላይ ሄደዋል። ሴትአፑ እንደሚሠራ ይህ ማስረጃ አይሆንም?

ምስሎቹ የተነሡት ዋጋው ከሄደ በኋላ ከሆነ አይሆንም። ያልተሳካ ደብል ቦተም ከሳምንት በኋላ ሲታይ ደብል ቦተም አይመስልም፤ ተራ ቁልቁለት ሆኖ ስለሚታይ ዓይን አልፎት ይሄዳል፣ በመዝገቡም የተሳኩት ብቻ ይቀራሉ። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ጆርናሌን በሙሉ የጣልኩት በዚሁ ምክንያት ነው። አሁን የመጀመሪያውን ምስል የማነሣው የቻርቱ ቀኝ ጎን ገና ባዶ ሳለ፣ መግቢያውን፣ ስቶፕ ሎሱንና መውጫውን አስምሬ ነው፤ ሁለተኛውን ከወጣሁ በኋላ አነሣለሁ። መስፈርቱን አሟልቶ ሳለ ፈርቼ ያልገባሁበትንም በዚያው መልክ እመዘግባለሁ፤ አለዚያ የሚለካው ሴትአፑ ሳይሆን የእኔ ምርጫ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ቀድሜ ነው የማነሣው። ከ40 ትሬድ 18 አትርፌ 22 ከስሬያለሁ፤ ለአንድ ትሬድ የማስይዘውን ሪስክ 1 ብንለው በድምሩ 6.8 አትርፌያለሁ። ሦስቱ እያንዳንዳቸው 4 ሰጥተውኛል። ሎት ልጨምር?

አይጨምሩ። ትርፍዎ በአንድ ትሬድ ሲካፈል 0.17 ይደርሳል፤ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ሦስቱን ትልልቅ ትርፎች ለጊዜው ቢያነሡአቸው 12 ይቀነሳል፣ የቀሩት 37 ትሬዶችም በድምሩ 5.2 ከስረው ይገኛሉ። ትልልቆቹን ማውጣት በራሱ ሴትአፑን አይጥለውም፤ አንዳንድ ሴትአፕ የሚኖረው በጥቂት ትልልቅ ትርፎች ነውና። የሚያሳየው ውጤቱ በሦስት ትሬዶች ላይ መንጠልጠሉን ነው፤ በሚቀጥሉት 40 ውስጥ ሦስት መሆናቸው ቀርቶ አንድ ብቻ ቢመጣ ሂሳቡ ይገለበጣል። የሦስቱን ስክሪንሾት ከሌሎቹ ጎን ያስቀምጡና ከመግባትዎ በፊት የሚለያቸው ነገር ታይቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ልዩነት ካገኙ ወደፊት በሚመጡት ትሬዶች ብቻ ይፈትኑት፤ በእነዚሁ 40 ላይ መልሰው ቢፈትኑት እንደሚያልፍ የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ ለናሙና 30 ይበቃል ተብሎ ተምረናል፤ ታዲያ 40 እንዴት ያንሳል?

30 የሚበቃው ውጤቶቹ እርስ በርስ ሲቀራረቡ ነው። አንዱ 4 ሰጥቶ ሌላው 1 ሲወስድ አማካዩ በቀላሉ ይዋዥቃል፤ በዚህ መዝገብ 0.17 ትርፍ ከዜሮ ሊለይ የማይችል ነው። እኔ ቢያንስ 100 እጠብቃለሁ፤ ሆኖም 100 እስኪሞላ ገበያው ራሱ ሊለወጥ ይችላልና አሮጌዎቹን መቼ መተው እንደሚገባ እስካሁን አልቆረጥኩም።

ጥያቄ፦ እኔ በስልክ ነው የማነሣው፤ ቻርቱን ሳጠበውና ሳሰፋው ፓተርኑ ይመጣል፣ ይጠፋል። ስልኬ ይሆን?

ስልክዎ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ታይምፍሬምና በተመሳሳይ የካንድል ብዛት ያንሡ፤ እኔ የአንድ ሰዓቱን ቻርት 120 ካንድል ይዤ አነሣለሁ። በዚያ መጠን ካልታየ እንዳልታየ ይቆጠር።