ጫቱ ከኮምቦልቻ ሲወጣ፣ ክኒኑ ዱባይ ሲገባ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ጫት እነግዳለሁ። ግብሬን እከፍላለሁ፣ ማንም አይነካኝም። ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ ግን እዚህ ይዘህ ብትገኝ ጉድ ይፈላብሃል ይለኛል። አንድ ቅጠል እንዴት እዚህ ሸቀጥ፣ እዚያ ወንጀል ይሆናል?» — ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ

የአክስትህ ልጅ ልክ ነው። እስከ 2014 አጋማሽ ድረስ ግን ያው ጫት ለንደን ውስጥ በግልጽ ይሸጥ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ቅጠሉንና በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ለይተን እንያቸው። ምርቃናው በዋናነት የሚመጣው ካቲኖን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሌላም አለ፣ ካቲን ይባላል። ስማቸው መንታ ይመስላል፣ ኃይላቸው ግን አይገናኝም። ካቲን ደካማው ነው። የ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ ስምምነት ካቲኖንን በጣም ጥብቅ ቁጥጥር ባለበት ዝርዝር፣ ማለትም ሠንጠረዥ 1 ውስጥ፣ ካቲንን ደግሞ ላላ ባለው ሠንጠረዥ 3 ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ሁለቱም የገቡት በ1986 ነው። ቅጠሉ ራሱ ግን በየትኛውም ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ የለም። ከኮካ ቅጠል ጋር አስተያየው። የኮካ ቅጠል በ1961ዱ የናርኮቲክ ስምምነት ውስጥ በስሙ ተጽፏል። ጫት አልተጻፈም።

የተረሳ እንዳይመስልህ። አንድ ነገር ሠንጠረዥ ውስጥ የሚገባበት መንገድ አለው። መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ይመረምሩታል። ምን ያህል ሱስ ያስይዛል? ለሕክምናስ ይጠቅማል? ለኅብረተሰቡ የሚያመጣው ጉዳት ምን ያህል ነው? ከዚያ ሐሳባቸውን ያቀርባሉ፣ ቪየና ላይ ደግሞ የ53 አገሮች ኮሚሽን ድምፅ ይሰጥበታል። እነዚህ ባለሙያዎች ጫትን በ2006 ተመልክተውት፣ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር መግባት አያስፈልገውም ብለዋል።

ታዲያ እንግሊዝ ለምን ከለከለች? ስምምነቶቹ ዝቅተኛውን ቁጥጥር ነው የሚያስቀምጡት። ማንም አገር ከዚያ በላይ ማጥበቅ ይችላል። የእንግሊዝ መንግሥት የራሱ የዕፅ አማካሪ ምክር ቤት አለው። ይህ ምክር ቤት በጥር 2013 ማስረጃውን መዝኖ «ለመከልከል የሚያበቃ ጉዳት አላገኘንም» አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ መንግሥት ምክሩን ሳይቀበል እንደሚከለክል አስታወቀ፣ ክልከላው ሰኔ 24 ቀን 2014 ሥራ ላይ ዋለ። የሰጠው ምክንያት የቅጠሉ ኬሚስትሪ አልነበረም። ኔዘርላንድስ በ2013 መጀመሪያ ላይ ከልክላ ነበር። አብዛኛው የአውሮፓ አገር ከልክሎ እንግሊዝ ክፍት ከቀረች፣ ጫቱ በእሷ በኩል ወደ ሌሎቹ ይሻገራል ብለው ፈሩ። «ባሎቻችን ከመቃሚያ ቤት አይወጡም» የሚሉ የሶማሌ ቤተሰቦች ስሞታም ነበረበት።

በሕጉ መሠረት ጫት ከሦስቱ እርከኖች የመጨረሻው፣ ማለትም ሲ ውስጥ ገባ። ለራሱ መቃሚያ ይዞ የተገኘ ሰው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ሁለተኛ ሲደግም 60 ፓውንድ ይቀጣል። ሦስተኛ ላይ ነው ፖሊስ በቁጥጥር ሥር የሚያውለው። የሚያስገባና የሚሸጥ ግን እስከ 14 ዓመት እስር ሊፈረድበት ይችላል።

እኔ የምክር ቤቱ ሚዛን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን የሴቶቹን ስሞታ አልንቅም። ደሴ ላይ ፋርማሲ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የደም ግፊት ክኒን ወስዶ በቀጥታ ወደ በርጫ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚገጥመው በዓይኔ አይቻለሁ። ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አንድ ነገር ተፈቅዷል ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም።

ሩቅ ሳትሄድ ደግሞ ጎረቤቶቻችንን እይ። ኬንያ ላይ ጫት «ሚራ» ተብሎ በሕግ ይነገዳል። ታንዛኒያ ስትሻገር ክልክል ነው። ቀይ ባሕር ማዶ የመን ይፈቀዳል፣ ሳዑዲ ይከለከላል። የሚያበቅል፣ የሚነግድና በየወዳጃው የሚቅም ሕዝብ ባለበት አገር ሕጉ ቅጠሉን እንደ ሰብል ያየዋል። ከሌላ አገር ብቻ የሚመጣበት ቦታ ደግሞ እንደ ባዕድ ዕፅ ያየዋል።

«ሰው ሲያወራ የሰማሁት ነው። ጫት ከደረቀ ኃይሉ ስለሚጠፋ አሜሪካ ይፈቀዳል ይላሉ። እውነት ነው? እናቴ ለወንድሜ ልትልክለት ፈልጋ ነው።» — ከሆጤ፣ ደሴ

አትላኩ። እናትሽንም አስቁሚያቸው።

ወሬው ከእውነት የተቆረሰ ቁራጭ ስላለው ነው የሚያሳስተው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ቀስ እያለ ወደ ካቲን ይለወጣል። ሁለት ቀን፣ ማለትም 48 ሰዓት ካለፈው ምርቃናው በጣም ይቀንሳል። ነጋዴ ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ፣ ውሃ እረጭ እረጭ አድርጎ፣ መኪናውን እያበረረ የሚያደርሰው ለዚህ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የሚያየው ንጥረ ነገሩን ነው። እዚያ ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ሠንጠረዥ 1 ውስጥ ነው፣ ከሄሮይን ጋር ማለት ነው። ካቲን ሠንጠረዥ 4 ውስጥ ነው። ቅጠሉ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ካቲኖን ከተገኘበት እንደ ሠንጠረዥ 1 ይያዛል። ካቲን ብቻ ከተገኘበት ወደ ሠንጠረዥ 4 ይወርዳል። አንድ እስር ጫት ሰኞና ዓርብ በሁለት የተለያየ የሕግ መደብ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሠንጠረዥ 4 ማለት የተፈቀደ ማለት አይደለም። ያለ ፈቃድ ካስገባኸው ያው ወንጀል ነው። ደግሞም ሁሉም የደረቀ ጫት ካቲኖኑን አያጣም። ቶሎ እንዲደርቅ የተደረገ ቅጠል ካቲኖኑን ይዞ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ዓይንና አፍንጫ ይህን አይለይም። የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከኢትዮጵያ የሚሄደውን ደረቅ ጫት በጽሑፎቹ ውስጥ «ግራባ» እያለ ነው የሚጠራው። የእኛው ገረባ እዚያ ደርሷል። ፖስታው ቢያዝ ተጠያቂው ወንድምሽ ነው፣ ስሙና አድራሻው እላዩ ላይ ተጽፏልና።

«የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። አንዱ መምህር ሠንጠረዥ 4 ላላ ያለው ነው አለን። ሌላ ቦታ ደግሞ ጥብቁ ነው የሚል አነበብኩ። የቱን ልያዝ?» — ከደሴ

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለት ስምምነት፣ ሁለት አቆጣጠር ነው።

በ1971ዱ የሳይኮትሮፒክ ስምምነት ቁጥሩ ሲጨምር ቁጥጥሩ ይላላል። ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል ሠንጠረዥ 4 ውስጥ ናቸው። በ1961ዱ የናርኮቲክ ስምምነት ግን ሠንጠረዥ 4 ከሠንጠረዥ 1 ውስጥ በተለይ አደገኛ የተባሉት ተመርጠው ድጋሚ የተጻፉበት ነው። ሄሮይን ሁለቱም ውስጥ አለ። ካናቢስም እንደዚያው ነበር። በታኅሣሥ 2020 ቪየና ላይ ድምፅ ተሰጥቶ ከሠንጠረዥ 4 ወጣ። ውጤቱ 27 ለ25 ነበር፣ አንድ አገር ድምፅ ተዓቅቦ አደረገ። ያኔ ብዙ ሰው «ካናቢስ ተፈቀደ» ብሎ አወራ። አልተፈቀደም። ሠንጠረዥ 1 ውስጥ እስካሁን አለ። የተለወጠው፣ ለሕክምና ጥቅም የለውም ከተባሉት ጎራ መውጣቱ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትያዝ። ምንጊዜም «የየትኛው ሕግ ሠንጠረዥ?» ብለህ ጠይቅ። የአሜሪካ አምስት አለው፣ እንግሊዝ ደግሞ ለቅጣቱ በፊደል ትመድባለች።

«አረቄና ሲጋራ ከጫት አይብሱም ወይ? ለምን ሠንጠረዡ ውስጥ የሉም?» — ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ

በጉዳት ብቻ ቢመዘን ኖሮ መግባታቸው አይቀርም ነበር። ስምምነቶቹ ሲጻፉ ግን አብዛኛው ጸሐፊ አገር ሁለቱንም ያመርት፣ ይሸጥ፣ ግብር ይሰበስብባቸው ነበር። ለትምባሆ ለብቻው የቁጥጥር ስምምነት የመጣው በ2003 ነው። ለአልኮል እስካሁን ምንም የለም።

«ልጄ በሚቀጥለው ወር ለሥራ ዱባይ ትሄዳለች። የሚጥል በሽታ ስላለባት ፌኖባርቢታል ትወስዳለች። ይዛው ብትገባ ችግር አለው? ደላላው ክኒኑን ሻንጣ ውስጥ በትኚው አላት።» — እናት፣ ከኮምቦልቻ

እማማ፣ የደላላውን ምክር አትቀበሉ። መድኃኒት ሳይሆን የተደበቀ ዕፅ የሚያስመስለው እሱ ነው።

ፌኖባርቢታል እዚህ ርካሽና የታወቀ መድኃኒት ነው። ግን ለተማሪው እንዳልኩት ሠንጠረዥ 4 ውስጥ ስለሆነ ድንበር ላይ ይጠየቅበታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ይዞ ለሚገባ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲወስድ ያዝዛሉ። ጥያቄው በመንግሥታቸው ድረ ገጽ በኩል ይቀርባል። ፓስፖርቷ፣ የሐኪም ማዘዣው እና ሕመሙን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፍላት። ስሟ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሆኖ፣ የመድኃኒቱ ስም የንግድ ስሙ ሳይሆን ዋናው ስሙ፣ ክኒኑ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነና በቀን ስንት እንደምትወስድ ይኑርበት። ክኒኑ ከፋርማሲ በወጣበት ዕቃ፣ ከነጽሑፉ፣ በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ይሁን።

«ክኒን ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ካለ፣ ትራማዶልን ይመልከት። ይህ የሕመም ማስታገሻ በተባበሩት መንግሥታት ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ወደዚያ እንዲገባ ያልገፋው፣ በብዙ ድሃ አገሮችና ጦርነት ባለበት ቦታ ለከባድ ሕመም የሚገኘው መድኃኒት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ግብፅ ግን በብዛት አላግባብ ስለሚወሰድ በጥብቅ ትቆጣጠረዋለች። በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት 290 ያህል የትራማዶል ክኒን ይዛ ግብፅ ስትገባ ተያዘች፣ የሦስት ዓመት እስርም ተፈረደባት። በአገሯ በሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ ነበር።

የምትይዘው ክኒን ለዘለዓለም አይበቃም። ስለዚህ እዚያ እንደደረሰች ሕመሟን ለሐኪም ነግራ የአገሩን ማዘዣ ትያዝ። ከመሄዷ በፊት ደግሞ ሐኪሟን «በዚህ ፋንታ ቁጥጥር የሌለበት መድኃኒት ይሆነኛል?» ብላ ትጠይቅ። አንዳንዱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሠንጠረዥ ውስጥ አይደለም። ለውጡ ግን ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት የሚሠራ ስለሆነ ነገ ዛሬ ሳይሉ በዚህ ሳምንት ይዘዋት ይሂዱ። ድንበሩን ፈርታ ክኒኑን በራሷ እንዳታቆም። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም የሚጥለው ሕመም በርትቶ፣ ሳያቋርጥ ሊመጣ ይችላል። አውሮፕላን ውስጥ፣ ወይም ማንም በማያውቃት ቤት።