ቴርሞሜትሩ 25 ሲል ቦርዱ ለምን 26.9 ይላል?

«የጣናን ውሃ ሙቀት በኤልኤም35 እለካለሁ። ቦርዴ አርዱኖ ኡኖ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼዋለሁ። የመስታወቱ ቴርሞሜትር 25 ሲል የኔ 26.9 ይላል። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን?»

አይመስለኝም። እስቲ የቦርድህን 5V ፒን በመልቲሜትር ለካው።

«ለካሁት፣ 4.6 ቮልት ነው።»

በቃ፣ ተገኘ! ቦርዱ ቮልት አያውቅም። የሴንሰሩን ቮልቴጅ ከራሱ ኃይል ጋር አነጻጽሮ ከ0 እስከ 1023 ቁጥር ይሰጥሃል። በ25 ዲግሪ ሴንሰሩ 250 ሚሊቮልት ያወጣል፤ በ4.6 ቮልት ይህ 55 ሆኖ ይነበባል። አንተ 55ቱን በ5000 አባዝተህ ለ1024 ስታካፍል 268.6 ሚሊቮልት፣ ማለትም 26.9 ዲግሪ አገኘህ። በ4600 ብታባዛው 24.7 ነው።

ግን 4600ን ኮዱ ላይ አትጻፍ፤ ገመድ ስትቀይር ይለወጣል። ቺፑ ውስጥ ያለውን 1.1 ቮልት ተጠቀም፦

```
analogReference(INTERNAL); // setup ውስጥ
int n = analogRead(A0);
float t = n * 1100.0 / 1024 / 10;
```

1100.0 ላይ ያለችውን ነጥብ አትርሳት። ያለሷ ኡኖ ላይ ብዜቱ ሞልቶ ይፈስና ቁጥሩ ያብዳል። 1.1 የሚባለውም ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ይለያያል። ኮዱ እየሠራ AREF ፒንን ለካና ያገኘኸውን በሚሊቮልት አድርገህ በ1100 ቦታ ተካ።

«ይህ ሁሉ ለምን? መቶ ጊዜ አንብቦ አማካዩን መውሰድ ነው እንጂ።»

አማካይ ወዲህ ወዲያ የሚዘለውን ቁጥር ያረጋጋል፤ እዚያ ላይ ልክ ነህ። መቶውም ንባብ ወደ ላይ ካጋደለ ግን አማካዩም ያጋድላል።

«እኔ ባሕር ዳር ቤቴ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሬው 94 አለኝ። መቶ እንዲመጣ ሁሉንም በ1.064 አባዛሁት። ልክ ነኝ?»

አይ እህቴ፣ ማባዣውን አውጪው! ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሴንሰርሽ እውነቱን ነግሮሻል። በበረዶ ውሃም አትፈትኚው፤ በተለመደው አገናኝ ከ2 ዲግሪ በታች አይወርድም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ጎን ለጎን ይዘሽ አነጻጽሪ።

«የኔ 10 ኪሎኦም ቴርሚስተር ነው፣ ከ5V ፒን በሬዚስተር የተከፈለ። እኔም ወደ 1.1 ልቀይር?»

አንተስ ተወው። ያንተ ሴንሰር ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ከ5V ፒን ነው። ፒኑ ሲወርድ የሴንሰሩ ቮልቴጅም ቦርዱ የሚያነጻጽርበት ኃይልም አብረው ስለሚወርዱ ቁጥሩ አይነካም።

«ከዘጌ ነኝ። የውሃ ፓምፑ ሲነሳ ንባቡ ይዘላል። ሽቦው 6 ሜትር ነው።»

ኤልኤም35 ረጅም ሽቦ አይወድም። ሴንሰሩ እግር ስር፣ በመውጫውና በሽቦው መካከል 2 ኪሎኦም ሬዚስተር ጨምርበት። ፓምፑና ቦርዱ አንድ ኃይል ከተጋሩ ግን ጥፋቱ ከዚያም ሊሆን ይችላል። ቦርዱን በባትሪ ብቻ አስነሳና ያየኸውን ንገረን።