መለኪያው 1285 ሲል፣ ፈሳሹ ግን 1413 ሲሆን

ጥያቄ፦ ቲማቲሜን የማጠጣበትን የጉድጓድ ውሃ ጨዋማነት በእጅ መለኪያ ስለካው 1560 ያሳየኛል። ላቦራቶሪ የሰጠኝ ቁጥር ግን ከዚህ ይበልጣል። የመለኪያው መመሪያ «የሴል ቋሚውን በፖታሲየም ክሎራይድ ያረጋግጡ» ይላል። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባለው ማዳበሪያ በእጄ አለ። እሱን በውሃ አሟሙቼ ልጠቀም?

መልስ፦ ማዳበሪያውን ለማሳዎ ያቆዩት። ለአዝርዕት የሚሸጠው ፖታሲየም ክሎራይድ ንጹሕ አይደለም። የገበታ ጨውና ሌሎች ባዕድ ነገሮች ይቀላቀሉበታል፤ እርጥበትም ይይዛል። መለኪያዎን የሚያርሙት ግን በትክክል በሚታወቅ ፈሳሽ ብቻ ነው። በላቦራቶሪ የሚዘጋጀው በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርቆ የቀዘቀዘ 0.7456 ግራም ንጹሕ ፖታሲየም ክሎራይድ በተነጠረ ውሃ ሟሙቶ መጠኑ አንድ ሊትር እንዲሞላ በማድረግ ነው። ይህን ያህል የሚመዝን ሚዛን በቤት ስለማይገኝ፣ በላዩ 1413 የሚል የተጻፈበትን ዝግጁ ጠርሙስ ይግዙ። ቁጥሩ ፈሳሹ በ25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ይነግርዎታል።

ቋሚው የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። በመለኪያው ጫፍ ያሉት ሁለት ብረቶች በመካከላቸው ባለው ውሃ ውስጥ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንዳለፈ ብቻ ያውቃሉ። ያ መጠን ደግሞ በውሃው ብቻ ሳይሆን በብረቶቹ ስፋትና ርቀትም ይወሰናል። የሴል ቋሚ የሚባለው መለኪያው ይህን ለማስተካከል ንባቡን የሚያባዛበት ቁጥር ነው። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ብረቶች አንድ ሴንቲሜትር ቢራራቁ ቋሚው 1 ገደማ ይሆናል። ብረቱ በዝቃጭ ሲሸፈን ወይም ሲታጠፍ ግን ቋሚው ይለወጣል፤ መለኪያው ግን በአሮጌው ቁጥር ማስላቱን ይቀጥላል።

ከመጀመርዎ በፊት በመለኪያው ውስጥ የተሞላው ቋሚ ስንት እንደሆነ ይመልከቱ፤ 1.00 ነው እንበል። ጫፉን በተነጠረ ውሃ ካጠቡ በኋላ ከ1413ቱ ፈሳሽ ጥቂት በንጹሕ ብርጭቆ ቀድተው ጫፉን ያለቅልቁበትና ይድፉት። ይህን የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ ጫፉ ላይ የቀረው የማጠቢያ ውሃ ግን ፈሳሹን ያቀጥነዋል። ቀጥሎ አዲስ ፈሳሽ ይቅዱ፣ ብረቶቹ ሙሉ በሙሉ እንዲሰምጡ ያድርጉ፣ አረፋ እንዳይቀር ጫፉን ቀስ አድርገው ይነቅንቁ፣ የብርጭቆውንም ግድግዳ እንዳይነካ ይጠብቁ። የተጠቀሙበትን ፈሳሽ ወደ ጠርሙሱ አይመልሱ።

እኔ አብዝቼ የምጠነቀቀው ለሙቀቱ ነው። አስተላላፊነቱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሁለት በመቶ ያህል ስለሚለወጥ፣ 1413 የሚለው ፈሳሽ በ20 ዲግሪ 1278 ብቻ ነው። ሙቀቱን ሳያስተካክሉ በ23 ዲግሪ ቢለኩ አራት በመቶ የሚጠጋ ስሕተት በቋሚው ላይ ይጫናል፣ ከዚያም የሚለኩትን ውሃ ሁሉ ያበላሻል። ብርጭቆውን 25 ዲግሪ በሆነ የውሃ ዕቃ ውስጥ ሩብ ሰዓት አስቀምጠው ይለኩ። መለኪያው ራሱ ወደ 25 ዲግሪ የሚያስተካክል ከሆነ እርስዎ ደግመው አያስተካክሉ።

ሦስት ጊዜ ለክተው 1283፣ 1287 እና 1285 አገኙ እንበል። አማካዩ 1285 ነው።

የሴል ቋሚ = 1.00 × 1413 ÷ 1285 = 1.10

ከዚህ በፊት በመለኪያው የነበረው 0.95 ቢሆን ኖሮ በ1.00 ፋንታ 0.95 ያባዙ ነበር። ሦስቱ ንባቦች ከተራራቁ አማካይ አይውሰዱ፤ አረፋ ወይም ያልተረጋጋ ሙቀት አለ ማለት ነው።

አዲሱን ቋሚ አስገብተው ሲጨርሱ 12880 በሚለው በዐሥር እጥፍ ጠንካራ በሆነው ፈሳሽ ይፈትሹት። በ1413ቱ ልክ ሆኖ በዚህኛው ዝቅ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የብረቶቹ ንጽሕና ነው፤ ቋሚውን በመቀያየር አይድንም። ነጭ የኖራ ቅርፊት ከያዙ ጫፉን በኮምጣጤ ለጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ በተነጠረ ውሃ ደጋግመው አጥበው ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ብረቶቹ ጥቁር ለስላሳ ሽፋን ካላቸው ግን አይፈግፍጓቸው፤ ያ ሽፋን ቆሻሻ ሳይሆን የመለኪያው አካል ነው።

በዚህ ምሳሌ መሠረት የጉድጓድዎ 1560 በ1.10 ሲባዛ 1716 ይሆናል፤ ማለትም 1.7 ዲሲሲመንስ በሜትር። ለቲማቲም በተለመደው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሠንጠረዥ፣ ምርት ሳይቀንስ የሚታለፈው የመስኖ ውሃ ጨዋማነት ወሰን ይኸው 1.7 ነው፤ ምርቱ ዐሥር በመቶ የሚቀንሰው 2.3 ሲደርስ ነው። ስለዚህ ውሃው ለቲማቲሙ ዛሬም ይሆናል፣ ወሰኑ ላይ ግን ደርሷል። በዚያው ጉድጓድ ሽንኩርት ለመትከል ካሰቡ የሽንኩርት ወሰን 0.8 ነውና አይሞክሩት።